«ሙሉ ዋንዛ ነው» ሲሏችሁ

ያገለገለ የቤት ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ አንድ ንግግር ይደጋገማል፦ «ሙሉ ዋንዛ ነው፤ እጀታው ሳይቀር የድሮ ነው።» ሻጩ ይህን ሲል የግድ እየዋሸ አይደለም። ብዙውን ጊዜ እሱም ከገዛበት ሰው የሰማውን ነው የሚደግመው። ገዢው ደግሞ ቁም ሳጥኑን ከፊት ለፊት ያየዋል፣ በመዳፉ ዳሰስ ያደርገዋል፣ በጣቱ ይመታዋል፤ ከዚያ ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። ችግሩ የዕቃው ፊት ለመታየት ተብሎ የተሠራ፣ በየጊዜውም የተቀባና የተወለወለ መሆኑ ነው። ስለ እንጨቱ እውነቱን የሚናገሩት ማንም ሊቀባቸው ያልደከመባቸው ቦታዎች ናቸው፤ የበሩ የታችኛው ጠርዝ፣ የመሳቢያው ፊት የውስጥ ገጽ፣ ማጠፊያው ያረፈበት ጎድጓዳ፣ ከእጀታው ሥር የተሸፈነው እንጨት።

ጉዳዩ ከገንዘብ በላይ ነው። ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ከሙሉ የዋንዛ ጣውላ የተሠራ አሮጌ ቁም ሳጥን በቀላሉ የሚተካ ዕቃ አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ በስስ የእንጨት ልጥፍ የተሸፈነ ዕቃ ያለ እውቀት ከታደሰ በአንድ ቀን ሥራ ይበላሻል። የገዛነው የትኛውን እንደሆነ ካላወቅን ሁለቱንም ልናጣ እንችላለን።

ልጥፉ፣ ማለትም በአናጢዎች ዘንድ ቬኒየር የሚባለው፣ መልኩ ከሚያምር እንጨት በስሱ ተቆርጦ በሌላ እንጨት ላይ በኮላ የሚጣበቅ ሽፋን ነው። ብዙ ሰው ቬኒየር ሲባል ወዲያው ማጭበርበር ይመስለዋል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። የጥንት ግብፃውያን ሣጥኖቻቸውን በዚህ መንገድ ያስጌጡ ነበር፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለአውሮፓ ቤተ መንግሥታት የተሠሩት ምርጥ ቁም ሳጥኖችም ብዙዎቹ ቬኒየር የለበሱ ናቸው። መስመሩ እጅግ ያማረ እንጨት ብዙ ጊዜ ጠባዩ አስቸጋሪ ነው፤ በወፍራሙ ከተሠራ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። በስሱ ተቆርጦ ጠባዩ በረጋ እንጨት ላይ ሲለጠፍ ግን ውበቱ ይቀራል፣ ጠባዩ ይገራል። የተለወጠው ውፍረቱ ነው። በእጅ መጋዝ ይሰነጠቅ በነበረበት ዘመን የአንድ ልጥፍ ውፍረት ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ይደርስ ነበር። በኋላ ማሽን በስለት መላግ ሲጀምር ከአንድ ሚሊሜትር በታች ወረደ፤ ዛሬ የተለመደው የግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። ይህች ግማሽ ሚሊሜትር ወደ ኋላ ስለ እድሳት ስናወራ ትመለሳለች።

ምርመራው ከጠርዝ ይጀምራል። ዛፍ ውስጥ ያለው መስመር ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ስለሆነ፣ ሙሉ ጣውላ ላይ በፊት ለፊት የምታዩት መስመር በጠርዙ ላይ ታጥፎ መቀጠል አለበት። ጥቁር መስመር በፊት በኩል ከጠርዙ ጋር ከተገናኘ፣ በዚያው ነጥብ ላይ በጎኑም መታየት ይኖርበታል። ጣውላው በተቆረጠበት ጫፍ በኩል ደግሞ ረጅም መስመር ሳይሆን የዛፉ ዓመታዊ ቀለበት ቅስቶችና የቀዳዳዎቹ ነጠብጣብ ይታያሉ። ፊቱ ላይ መስመሩ ደምቆ እየሄደ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ድንገት ቢቆምና ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነች እንደ ክር የቀጠነች መስመር ብትታይ፣ ያቺ ክር ልጥፉ ከታች ካለው እንጨት ጋር የተገናኘባት ቦታ ናት።

እዚህ ላይ ገዢውን የሚያሳስት ነገር አለ። ጥሩ አናጢ የልጥፉን ጫፍ ለመጠበቅ በበሩ ዙሪያ የሙሉ እንጨት ዘንግ ይለጥፋል። በሩን ከፍቶ ጠርዙን ያየ ሰው «ይኸው ሙሉ እንጨት ነው» ብሎ ይደመድማል። ያየው ግን የስምንት ወይም የአሥር ሚሊሜትር ዘንግ ብቻ ነው። ስለዚህ የጎኑ ጠርዝ ብቻውን አይበቃም። ዘንግ ብዙ ጊዜ የማይደረግበት፣ ቫርኒሽም የማይነካው የበሩ የታችኛው ጠርዝ ነው። ለማየት መንበርከክ አያስፈልግም፤ ስልካችሁን መብራቱን አብርታችሁ በበሩ ሥር ዝቅ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ፎቶው ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ ቀጫጭን ንብርብሮች ከታዩ ኮምፔንሳቶ ነው። በሁለት ስስ ሽፋኖች መካከል የተደረደሩ የእንጨት ዘንጎች ከታዩም የተጠጋጋ ዘዴ ነው፤ ልቡ ከዘንጎች የተሠራ ሰሌዳ ነው። የተጨመቀ ፍርፋሪ ከታየ ቺፑድ ነው። ሦስቱም ላይ ያለው የውጭ ገጽ ልጥፍ ነው፤ ወይም ከዚያ የባሰ፣ የእንጨት መስመር የታተመበት ወረቀት ነው። የታተመውን ለመለየት መብራቱን በጎን በኩል ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። እውነተኛ እንጨት ጥቃቅን ቀዳዳዎቹና ጎድጎድ ያሉ መስመሮቹ ጥላ ይጥላሉ። ሕትመት ላይ ቀለም ብቻ ነው ያለው፤ ጎድጎድ ቢኖረው እንኳን ከሥዕሉ መስመር ጋር አይገጥምም።

ሁለተኛው መንገድ ውስጡንና ውጩን ማመሳከር ነው። ቅርንጫፍ የወጣበት አንጓ በሙሉ ጣውላ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል። በውጭ በኩል ከላይ ወደ ታች በስንዝር ልኬት አንጓውን ያዙና በሩን ከፍታችሁ በውስጥ በኩል እዚያው ቦታ ፈልጉት። ቅርጹ ትንሽ ሊለወጥ፣ ትንሽ ሊያዘነብል ይችላል፤ ጨርሶ ከሌለ ግን ፊቱ ብቻውን የተለጠፈ ነው። ውስጡ የተለየ እንጨት መሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ ያው ዓይነት እንጨት ሆኖ መስመሩ አለመግጠሙም ማስረጃ ነው። ጠንቃቃ አናጢ ሰሌዳው እንዳይጣመም በሁለቱም በኩል ይለጥፋልና።

መስመሩ በሁለት በሮች ላይ እንደ መስታወት ተገላብጦ ከታየም ልብ በሉ። ከአንድ ግንድ ተከታትለው የተላጉ ሁለት ልጥፎች መልካቸው አንድ ስለሆነ፣ አንዱ ሲገለበጥ ግራና ቀኙ ፍጹም ይመሳሰላል። ከሙሉ ጣውላም ይህን መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን መጋዙ በመሃል የሚበላው እንጨት ስላለ ሁለቱ ፊቶች ዘመድ ይመስላሉ እንጂ መንታ አይሆኑም። በአንድ ዕቃ ላይ ያው መስመር ሦስትና አራት ጊዜ ከተደገመ ግን ጥያቄው ያበቃል።

ሦስተኛው ምልክት በአዲስ አበባ አየር ንብረት በተለይ የሚረዳ ነው። ሙሉ ጣውላ በክረምት እርጥበት ጠጥቶ በወርዱ ይሰፋል፣ በበጋ ደርቆ ይጠብባል፤ በቁመቱ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለውም። ድሮ የሠሩ አናጢዎች ይህን ስለሚያውቁ ሰፊ ሰሌዳን አይቸነክሩም፣ በኮላም አይዙትም፤ በፍሬም ውስጥ በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ አስገብተው እንደ ልቡ እንዲንቀሳቀስ ይተዉታል። ዕቃው ቫርኒሽ የተቀባው ሰሌዳው ሰፍቶ ባለበት ጊዜ ከሆነ፣ በጥር ወይም በየካቲት ሲጠብ ከቦዩ ትንሽ ይወጣና ቫርኒሽ ያልነካው ፈዛዛ ጭረት በዳሩ ላይ ይታያል። የአርባ ሴንቲሜትር ሰሌዳ ላይ ይህ ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። ብዙ ገዢ ይህን ጭረት እንደ ጉድለት ቆጥሮ ዋጋ ያስቀንስበታል፤ እኔ ግን ሳየው ደስ ይለኛል፤ እንጨቱ ሙሉ ጣውላ ሆኖ ለመንቀሳቀሱ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለምና። በተቃራኒው ስልሳ ሴንቲሜትር ወርድ ያለው፣ መጋጠሚያ የሌለው፣ ያልተሰነጠቀና ያልተጣመመ አንድ ወጥ ፊት ካያችሁ ጠርጥሩ።

ክብደትን ብዙ አትመኑ። ቺፑድ ከደረቀ ዋንዛ ይከብዳል። በጣት መምታትም ለብቻው አያስተማምንም። የሚጠቅመው ልጥፉ ከሥሩ የለቀቀበትን ቦታ ለማግኘት ነው፤ በጥፍር ቀስ እያላችሁ ስትሄዱ ድምፁ ድንገት ባዶ ከሆነ ከሥር አየር ገብቷል ማለት ነው። ወለል በውሃ በሚታጠብባቸው ቤቶች የኖረ ቁም ሳጥን ደግሞ እግሩ አካባቢ ይናገራል፦ ቺፑድ አብጦ ይፈረፈራል፣ ኮምፔንሳቶ በንብርብሩ ይከፈታል፣ ሙሉ ጣውላ ይጠቁራል ወይም ይሰነጠቃል እንጂ አያብጥም።

እነዚህ ነገሮች በአንድ ዕቃ ላይ እንዴት እንደሚገናኙ ለማሳየት፣ አዲስ ትዳር የመሠረቱ ሁለት ወጣቶች ሊገዙት ያሰቡትንና ከአንድ አረጋዊ አናጢ ጋር ሆነን ያየነውን ቁም ሳጥን ልተርክ። ሁለት በሮች፣ ከሥር ሁለት መሳቢያዎች አሉት፤ ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ ነው። ሻጩ «ጋሼ፣ እንደዚህ ዓይነት ዛሬ አይገኝም፤ ከላይ እስከ ታች ዋንዛ ነው» አላቸው። አናጢው አልተከራከሩም። «ፍቀድልኝና መሳቢያውን ላውጣ» ብቻ አሉት።

የመሳቢያው ፊት ላይኛው ጠርዝ ላይ ከፊት የመጣው መስመር ታጥፎ ቀጥሏል። ጫፉ ላይ የቀለበቱ ቅስት ይታያል፤ ፊቱና ጎኑ የተያያዙት በምስማር ሳይሆን ጥርስ በጥርስ ተቆላልፈው ነው፣ ጥርሶቹም መጠናቸው እኩል አይደለም፤ በእጅ መጋዝና በመሮ የወጡ ናቸው። መሳቢያዎቹ ሙሉ ጣውላ ናቸው። የቁም ሳጥኑ ጎንም እንዲሁ። በግራ በኩል ያለ አንድ አንጓ በውስጥም በቦታው ተገኘ፤ በሰሌዳው ዳር ያ ፈዛዛ ጭረት አለ።

በሮቹ ላይ ሲደርሱ ታሪኩ ተለወጠ። የእያንዳንዱ በር ወርድ ስልሳ ሴንቲሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ መጋጠሚያ የለውም። እንደ ነበልባል ወደ ላይ የሚወጣው መስመር በግራና በቀኝ በር ላይ ተገላብጦ አንድ ዓይነት ነው። ጠርዙ ላይ የሙሉ እንጨት ዘንግ አለ፤ ከዘንጉ ጎን ግን ያቺ ክር ትታያለች። ሙሽራው ስልኩን ከሥር ዝቅ አድርጎ ፎቶ ሲያነሳ የተደረደሩት ዘንጎች ወጡ። አካሉና መሳቢያዎቹ ሙሉ ጣውላ፣ በሮቹ ቬኒየር።

ሙሽሪት «ታዲያ ተታለልን ማለት ነው?» ስትል አናጢው «የለም ልጄ፣ ይህን ያህል ሰፊ በር በሙሉ ጣውላ ቢሠሩት ኖሮ ዛሬ አይገጥምም ነበር» አሏት። ትክክል ናቸው። ሜዳማና ሰፊ በርን በረጋ ሰሌዳ ላይ ልጥፍ አድርጎ መሥራት የባለሙያ ምርጫ ነው፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ብዙ ዕቃዎች እንዲህ ቅይጥ ናቸው። «ከላይ እስከ ታች» የሚለው ብቻ ነው ስህተቱ።

አሁን ወደ እጀታው። እጀታ በየዘመኑ ፋሽን ይቀየራል፣ ይሰበራል፣ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከዕቃው ክፍሎች ሁሉ በተደጋጋሚ የሚተካው እሱ ነው። ነገር ግን እጀታን ቀይሮ ቀዳዳውን መደበቅ ከባድ ነው፤ በተለይ ከውስጥ። መሳቢያውን አውጥታችሁ የፊቱን የኋላ ገጽ እዩ። ጉብ ያለ አንድ ብቻ የሚያዝ እጀታ አንድ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ሁለት እግር ያለው እጀታ ሁለት። ዛሬ የምታዩት እጀታ ከሚፈልገው በላይ ቀዳዳ ካለ፣ ከዚህ በፊት ሌላ ነበር ማለት ነው። የተደፈነ ቀዳዳ ቀለሙ ከዙሪያው ይለያል፤ ስቱኮ ቫርኒሽን እንደ እንጨት ስለማይጠጣ ወይ ይነጣል ወይ ይጠቁራል። በእንጨት ክዳን የተደፈነ ከሆነ ደግሞ ክቡ ውስጥ ያለው መስመር ከዙሪያው መስመር ጋር አይገጥምም።

የቀዳዳዎቹ ርቀትም ይናገራል። የዛሬ የፋብሪካ እጀታዎች በመሃላቸው ያለው ርቀት በአብዛኛው 96 ወይም 128 ሚሊሜትር ነው፤ ፋብሪካዎች በ32 ሚሊሜትር እየደመሩ ስለሚሠሩ። በእጅ የተሠራ አሮጌ ዕቃ ላይ ልክ 96 ካገኛችሁ ከሱ ጎን ሌላ የተደፈነ ጥንድ መፈለግ ነው።

የዚያ ቁም ሳጥን መሳቢያዎች ላይ ያሉት ረጃጅም እጀታዎች ሲለኩ ልክ 96 ሚሊሜትር ሆኑ። በውስጥ በኩል አራት አራት ቀዳዳ አለ። ሁለቱ ብሎን የያዙት ናቸው፤ ዳራቸው ገና ንጹሕና ፈዛዛ ነው። ሁለቱ በእንጨት ክዳን የተደፈኑ፣ ዳራቸው የጠቆረ፣ ርቀታቸውም 75 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱም መሳቢያዎች ላይ ልኩ አንድ መሆኑ ዋና ነገር ነው። አንዱ ላይ ብቻ ቢሆን አንድ እጀታ ተሰብሮ ተተካ እንል ነበር፤ ሁለቱም ላይ መሆኑ ሙሉው ስብስብ በአንድ ጊዜ መቀየሩን ያሳያል።

ቀጥሎ አናጢው በካቻቢቴ አንዱን እጀታ ፈቱ። ሻጩን ጠይቆ አንድ እጀታ መፍታት ነውር የለውም፤ እምቢ ካለ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ከእጀታው ሥር ያለው እንጨት ለዓመታት ብርሃን፣ የእጅ ወዝና ቅባት አልነካውም። ስለዚህ የመጀመሪያው እጀታ ሳህን ቅርጽ እንደ ጥላ ይቀራል፤ ዙሪያውን ደግሞ ጨርቅ ሊደርስበት ያልቻለ የተጠራቀመ እድፍና ቫርኒሽ ቀጭን ጥቁር ዳር ሠርቶ ይከበዋል። እዚህ የወጣው ሞላላ ጥላ ነው፤ ከላዩ ከተቀመጠው ቀጭን እጀታ ጋር ምንም አይገናኝም። ከጥላው ዝቅ ብሎ ደግሞ እንጨቱ ላይ ትንሽ ቅስት ያላት ስርጉድ አለች። ተንጠልጣይ ቀለበት መሳቢያው በተዘጋ ቁጥር እየወደቀ የሚመታት ቦታ ናት። ከሦስቱ ምልክቶች ተነሥቶ የጠፋውን መሣል ይቻላል፦ ሞላላ ሳህን ያለው፣ በ75 ሚሊሜትር በሁለት ብሎን የተያዘ፣ ከመሃሉ ቀለበት የሚንጠለጠል እጀታ።

የዚህ ተገላቢጦሽም ያጋጥማል። ውጭው ላይ ጥላ የለም፣ የተደፈነ ቀዳዳም አይታይም፤ በውስጥ በኩል ግን አሮጌ ቀዳዳዎች አሉ። ያን ጊዜ ቀዳዳው ፊት ለፊት ያልወጣው ከላዩ አዲስ ልጥፍ ስለተደረገበት ነው፤ ይህ ከእጀታ መቀየር በጣም የሚበልጥ ለውጥ ነው። ፊቱ በሙሉ ተፍቆ በአዲስ ቫርኒሽ ከተቀባ ደግሞ ጥላው ሊጠፋ ይችላል፤ ቀዳዳው ግን ከውስጥ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ውስጡን የሚፍቅ ሰው ብርቅ ነው።

ማጠፊያን ለመመርመር ብሎኑ ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን መጨረሻ አይደለም። በራሱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብሎን አሜሪካዊው ሄንሪ ፊሊፕስ የባለቤትነት መብት ካገኘበት ከ1936 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋ ነው። ከዚያ በፊት ተሠራ በሚባል ዕቃ ላይ ካገኛችሁት በእርግጥ በኋላ የገባ ነው። ነገር ግን ብሎን ሲላላ በወፍራም ብሎን መተካት የተለመደ ስለሆነ፣ ብሎኑ አዲስ መሆኑ ማጠፊያው አዲስ ነው ማለት አይደለም። ቀዳዳው ውስጥ የክብሪት እንጨት ተሰክቶ ብታገኙም የላላውን ለማጥበቅ የተደረገ የቤት ውስጥ ጥገና ነው እንጂ የመተካት ምልክት አይደለም።

ዋናው ማስረጃ ማጠፊያው ያረፈበት ጎድጓዳ ነው። አናጢ ጎድጓዳውን በመሮ የሚያወጣው ያንን ማጠፊያ እላዩ አስቀምጦ ዙሪያውን በጭረት ምልክት አድርጎ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ማጠፊያ ልክክ ብሎ ይቀመጣል፤ ከፍም ዝቅም አይልም። የተተካ ማጠፊያ ወይ ያንሳል፣ ያን ጊዜ በዳሩ ክፍተት ወይም በስቱኮ የተሞላ ጭረት ይታያል፤ ወይ ይበልጣል፣ ያን ጊዜ ጎድጓዳው ሲሰፋ አዲስ የተቆረጠው ክፍል ቀለሙ ይነጣል። በሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በአካሉ ላይ ያለውንም ክንፍ እዩ። ሁለቱም ላይ ተመሳሳይ ታሪክ ካልተጻፈ በሩ ራሱ ከሌላ ዕቃ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ማግኔት ኪስ ውስጥ መያዝም ብዙ ያግዛል። ነሐስ ማግኔት አይስብም፤ የነሐስ ቀለም የተነከረ ብረት ይስባል። ብረት እንጨቱ ላይ የዝገት እድፍ ይተዋል፣ ነሐስ አይተውም። ስለዚህ ዛሬ የነሐስ ማጠፊያ ባለበት ቦታ ከሥር ቡናማ የዝገት እድፍ ካለ ከዚህ በፊት የነበረው የብረት ማጠፊያ ነው። ባለ ስፕሪንግ፣ በበሩ ውስጥ 35 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ጉድጓድ የሚቀመጥ ማጠፊያ ደግሞ የቺፑድ ዕቃዎች ጓደኛ ነው። በአሮጌ ሙሉ ጣውላ በር ላይ ካያችሁት በኋላ የተሰረሰረ ነው፤ ያ ጉድጓድም እንደ ብሎን ቀዳዳ በቀላሉ አይደፈንም።

የእኛ ቁም ሳጥን ግራ በር ሦስት ማጠፊያ አለው፤ ሦስቱም ማግኔት አልሳቡም፣ ባለ አንድ ስንጥቅ ብሎን አላቸው፣ በጎድጓዳቸው ልክክ ብለዋል። የቀኙ በር መሃለኛውና የታችኛው እንደዚያው ናቸው፤ የታችኛው ላይ ብቻ መስቀለኛ ብሎን ገብቷል፣ ማጠፊያው ግን የቀድሞው ነው። የላይኛው ሌላ ነው። ቢጫነቱ ይበዛል፣ ማግኔቱ ጥብቅ አድርጎ ያዘው፣ ጎድጓዳው በአንድ ሴንቲሜትር ረዝሟል፣ ከታች በኩል ስስ የእንጨት ቁራጭ ተሞልቷል። አናጢው እዚህ ላይ ብዙ ቆዩ። በር ሲከፈት ክብደቱ የላይኛውን ማጠፊያ ወደ ውጭ ይጎትታል፤ ስለዚህ የሚነቀለው መጀመሪያ እሱ ነው። ጥያቄያቸው ማን ቀየረው የሚለው ሳይሆን፣ ሲነቀል እንጨቱን ምን አደረገው የሚለው ነበር። በሩን ግማሽ ከፍተው ከጫፉ ቀስ ብለው ወደ ላይ አነሱት፤ ላይኛው ማጠፊያ አልተነቃነቀም። በአካሉ ላይ ከጎድጓዳው ጀምሮ አንድ ስንዝር የሚወርድ ስንጥቅ አለ፤ በኮላ ተይዟል፣ ጥፍር አይገባውም። የጸና ጥገና ነው።

በመጨረሻ የተከራከሩት ሻጩ መጀመሪያ በጠራው ዋጋ ላይ ሳይሆን በዕቃው ላይ ነበር። እጀታው የድሮ እንዳልሆነ ሻጩ ራሱ የፈታውን ጥላ አይቶ አመነ፤ በሮቹ ቬኒየር መሆናቸውን ግን ከፎቶው በኋላም ለማመን ጊዜ ወሰደበት። ዋጋው ቀንሶ ተስማሙ። በእኔ ግምት ያንን ቁም ሳጥን መግዛታቸው ልክ ነው። እጀታው የተቀየረ ጤነኛ ዕቃ፣ እጀታው የመጀመሪያው ሆኖ እግሩ ካበጠ ዕቃ እጅግ ይሻላል። ለመሰብሰቢያነት ወይም ለጨረታ የሚገዛ ሰው ብቻ ነው የእጀታውን ኦሪጅናልነት ከእንጨቱ እኩል ሊመዝን የሚገባው።

ተለዋጭ ዕቃው አሮጌ ሲሆን ምርመራው ይከብዳል። መርካቶ ምን አለሽ ተራ የመሰለ ቦታ ከሌላ ቁም ሳጥን የወጣ የነሐስ ማጠፊያ ገዝቶ የሚገጥም አናጢ አለ፤ ማግኔቱም ብሎኑም ዝም ይላሉ። የሚቀሩት ጎድጓዳውና ቀዳዳዎቹ ብቻ ናቸው፤ ማጠፊያው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከእንጨቱ ቀዳዳዎች ጋር ካልገጠሙ፣ አሮጌ ቢሆንም እንግዳ ነው። አንድ ምልክት ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ ሁለትና ሦስቱ አንድ ነገር ሲናገሩ ነው የሚታመነው።

አናጢው ለወጣቶቹ የሰጡት የእድሳት መመሪያ ከዚህ ምርመራ በቀጥታ የወጣ ነበር። ጎኖቹንና የመሳቢያዎቹን ፊት በብርጭቆ ወረቀት፣ በመስመሩ አቅጣጫ መፈተግ ይቻላል፤ እንጨቱ ሙሉ ስለሆነ ይችለዋል። በሮቹ ላይ ግን ማሽን እንዳይደርስ፤ ልጥፉ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ የሚፈትግ ማሽን ጠርዙ ላይ ጥቂት ሰከንድ ከቆየ ከሥር ያለው ፈዛዛ እንጨት ይወጣል፣ ከወጣም አይመለስም። በሮቹ እርጥብነቱ በተጨመቀ ጨርቅ ተጠርገው፣ ወዲያው ደርቀው፣ በእጅ በላመ ወረቀት በስሱ ተነክተው ነው አዲስ ቫርኒሽ የሚቀቡት። በቀኙ በር ታችኛ ጥግ ልጥፉ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ለቋል፤ እዚያ በቀጭን ስለት ጫፍ ኮላ አስገብቶ፣ ከላይ ፌስታል አድርጎ፣ በጠፍጣፋ እንጨትና በመያዣ ጨብጦ ማሳደር ነው። ከመሳቢያዎቹ ያሉትን እጀታዎች አውጥተው በ75 ሚሊሜትር ርቀት የሚገጥም፣ ሞላላ ሳህን ያለው ካገኙ ደግሞ የድሮዎቹ ቀዳዳዎች እንደገና ተከፍተው ያገለግላሉ፤ ሳህኑ ጥላውን ይሸፍነዋል፤ የ96ቱን ቀዳዳዎች ብቻ ከዚያው ዋንዛ በተቆረጠ ክዳን፣ መስመሩን ከፊቱ መስመር ጋር አስማምቶ መድፈን ይቀራል።